ሲሶው ብቻ የሞላ ቴብል ፍለጋው ለምን ይከብደዋል? (ሊኒየር ፕሮቢንግ ወይስ ቼይኒንግ)

ናሆም_ሲ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት። በሲ የጻፍኩት ሐሽ ቴብል አለኝ፤ የሰርቨር ሴሽኖችን ይይዛል። አሬዩ 65,536 ቦታ አለው። በየትኛውም ሰዓት ውስጡ ያሉት ሴሽኖች ከ20,000 ብዙም አይርቁም፤ ማለትም ሲሶው እንኳ አልሞላም።

ግጭት ሲመጣ ሊኒየር ፕሮቢንግ ነው የምጠቀመው። ቦታው ከተያዘ ቀጥሎ ያለውን፣ እሱም ከተያዘ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እያየሁ እሄዳለሁ። ሴሽን ሲያልቅ ቦታውን ባዶ አላደርገውም፣ `DELETED` የሚል ምልክት አደርግበታለሁ። ቴብሉን የማሳድገው በሕይወት ያሉት ሴሽኖች ከ70 በመቶ ሲያልፉ ነው። ፍለጋው ይኸውና፦

```c
while (t[i].state != EMPTY) {
    if (t[i].state == LIVE && t[i].key == k) return i;
    i = (i + 1) & mask;
}
return -1;
```

ሰርቨሩ እንደተነሣ ሁሉ ነገር ይበርራል። በሁለተኛው ቀን ግን ፍለጋው እየከበደ ይሄዳል፣ ይልቁንም ቴብሉ ውስጥ የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ። አጥፍቼ ሳስነሣው ወዲያው ይድናል። የሥራ ባልደረባዬ "ሊኒየር ፕሮቢንግ ድሮም ክላስተር ይሠራል፣ ወደ ቼይኒንግ ቀይረውና ተገላገል" ይለኛል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚጋጩትን ቁልፎች በሰንሰለት አያይዞ የሚይዘውን ዘዴ ማለቱ ነው። ግን ሲሶው በሞላ ቴብል ክላስተር፣ ማለትም ተከታትለው የተያዙ ቦታዎች፣ ይህን ያህል ይከብዳል? ከመቀየሬ በፊት ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

---

ብሩክ_ቁልፍ

ወንድሜ፣ ችግርህ ግጭት ከሆነ ሐሽ ፈንክሽንህን ቀይር። SHA-256 ተጠቀም። እስከ ዛሬ ግጭት ያገኘበት ሰው የለም። ግጭት ከሌለ ቼይኒንግም ፕሮቢንግም አያስፈልግህም።

---

ጋሽ_መኮንን

ብሩክ፣ የናሆም ግጭት ሌላ ነው። አንተ የምትለው ሁለት የተለያዩ መረጃዎች አንድ ዓይነት 256 ቢት ሲያወጡ ነው፤ እውነት ነው፣ ያ አልተገኘም። ናሆም ግን ከዚያ ሁሉ ቢት የሚጠቀመው 16ቱን ብቻ ነው፣ አሬዩ 65,536 ቦታ ነዋ ያለው። ቁልፎቹን ፍጹም በዘፈቀደ ብትበትናቸው እንኳ ገና 300 ያህል ሲገቡ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ የመውደቃቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ይሆናል። 20,000 ሲገባ ግጭት የግድ ነው። SHA-256 የሚጨምርለት የስሌት ጊዜ ብቻ ነው።

ናሆም፣ የባልደረባህን ምክር ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ያ ምልክት ለምን እንዳስፈለገህ እንይ፣ የበሽታው ሥር እዚያ ስለሆነ። ለማንበብ እንዲቀል አሥር ቦታ ብቻ ያለው ቴብል እንውሰድ፤ የቁልፉ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ የሚሞከርለት ቦታ፣ የመጨረሻ አሃዙ ይሁን። 23፣ 54፣ 33፣ 66፣ 44 በዚህ ተራ ይግቡ። 23 ቤቱ 3 ላይ፣ 54 ቤቱ 4 ላይ ይቀመጣሉ። 33 ቤቱ 3 ነው፣ ነገር ግን 3ም 4ም ተይዘዋልና 5 ላይ ያርፋል። 66 ቤቱን 6ን ያገኛል። 44 ደግሞ ቤቱ 4 ሆኖ እስከ 6 ድረስ ተይዞ ስላገኘው 7 ላይ ያርፋል።

```
ቦታ    0  1  2  3  4  5  6  7  8  9
ቁልፍ   .  .  .  23 54 33 66 44 .  .
```

አሁን 54ን አጥፍተህ 4ን ባዶ ብታደርገው፣ 33ን የሚፈልግ 3 ላይ 23ን ያያል፣ 4 ላይ ባዶ ያገኛል፣ "የለም" ብሎ ይመለሳል። 33 ግን 5 ላይ ተቀምጧል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። 33 "የለም" ስለተባለ እንደገና ቢገባ 4 ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ቁልፍ ሁለት ቦታ ያዘ ማለት ነው። ኋላ 33 ሲጠፋ የሚጠፋው የ4ቱ ነው። ከዚያ 4 ላይ ሌላ ቁልፍ፣ ለምሳሌ 14፣ የገባ ዕለት አሮጌው 33 ከነአሮጌ ዋጋው ይመለሳል። በሴሽን ቴብል ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም።

ስለዚህ ምልክት ማድረግህ ትክክል ነው። እኛ ቱምስቶን እንለዋለን። የኔ ጥያቄ፦ ከሁለት ቀን በኋላ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ቁጠርልኝ። በሕይወት ያለ ስንት፣ ቱምስቶን ስንት፣ እውነተኛ ባዶ ስንት? አዲስ ቁልፍ ስታስገባስ ቱምስቶን ላይ ታስቀምጣለህ ወይስ ባዶ እስክታገኝ ታልፈዋለህ?

---

ዳዊት_ሮቢን

ቱምስቶን የሚባለውን ነገር ጨርሶ አልወደውም። ናሆም፣ ስታጠፋ የቀሩትን ወደ ኋላ ሳባቸው። ካጠፋኸው ቦታ ቀጥሎ ያለውን አንድ ቦታ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ያለውንም እንዲሁ፤ ባዶ ቦታ ወይም ቤቱ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ስታገኝ ታቆማለህ። ምንም ምልክት አይተርፍም። እኔ ለረጅም ጊዜ ስሠራበት አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ቼይኒንግን ግን አትንካው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ፖይንተር፣ ለእያንዳንዱ `malloc`፤ ሜሞሪህን ይጨርሰዋል።

---

ናሆም_ሲ

ጋሽ መኮንን፣ እንዳሉኝ ቆጠርኩ። ሁለት ቀን ከአምስት ሰዓት በሠራ ሰርቨር ላይ፦ በሕይወት ያለ 20,114፣ ቱምስቶን 38,868፣ ባዶ 6,554።

ሳስገባም ቱምስቶኑን አልፈዋለሁ፣ ባዶ እስካገኝ ድረስ። ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ። ከአሥር ቦታ አንዱ ብቻ ነው ባዶ የቀረው! እኔ ግን የምቆጥረው በሕይወት ያሉትን ብቻ ስለነበር፣ ለኔ ቴብሉ ሁልጊዜ 31 በመቶ ብቻ የሞላ ነበር።

---

ጋሽ_መኮንን

በሽታው ተገኘ። ለቴብሉ ባለቤት 31 በመቶ የሞላ ነው፤ ለፍለጋው ግን 90 በመቶ የሞላ ነው። ፍለጋው የሚቆመው ባዶ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ቱምስቶንም ሕያው ቁልፍም እኩል ያሳልፉታል። የሌለ ቁልፍ የሚፈልግ ክላስተሩን እስከ ጫፉ መሄድ አለበት። ያንተ ፍለጋ ከቀን ወደ ቀን የከበደውና ከሁሉ ይበልጥ በሌለ ቁልፍ ላይ የከበደው ለዚህ ነው።

ምን ያህል እንደሚከብድ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1963 አስልቶታል። ቁልፎቹ በደንብ ከተበተኑ፣ α የተያዘው ክፍል ከሆነ፣ የሌለ ቁልፍ ለመፈለግ በአማካይ የሚታየው የቦታ ብዛት ይህ ነው፦

```
1/2 * (1 + 1/(1-α)^2)
```

α ላይ 0.31 ብትከት 1.5 ገደማ ይመጣል። 0.9 ብትከት 50.5 ይመጣል። አንተ ስታስገባ ቱምስቶንን ስለማትጠቀምበት፣ ያንተ ቴብል 58,982 ቁልፍ ገብቶበት አንዱም ካልጠፋበት ቴብል ጋር ለፍለጋ አንድ ነው፤ ስለዚህ ቀመሩ እንዳለ ይሠራልሃል። ሰርቨሩን ስታስነሣው ከ50 ወደ አንድ ተኩል መመለስህ ነው ያ ፈውስ።

ሌላም ልብ በል። የተገኘ ቁልፍ የሚያስከፍለው፣ በገባበት ዕለት የሌለ ቁልፍ ፍለጋ ያስከፍል የነበረውን ያህል ነው። ሕያዋን ሴሽኖችህ ደግሞ ሁሉም የቅርብ ጊዜ ናቸው፣ ቴብሉ ከተጨናነቀ በኋላ የገቡ። አሮጌዎቹ ጥሩ ጥሩውን ቦታ ይዘው ሞተዋል፤ አዲሶቹ ከቤታቸው ርቀው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ያለ ቁልፍ ፍለጋህም ሳይከብድ አይቀርም፣ የሌለውን ያህል ባይሆንም።

እንዲያው ብትተወው ደግሞ መጨረሻው መዘግየት አይደለም። ባዶው 0 በሆነ ዕለት ያ `while` የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ ለዘላለም ይዞራል። አሁን በኮድህ ውስጥ የሚያስቆመው ነገር የለም።

ስለ ክላስተር ባልደረባህ የሚለው ከንቱ አይደለም። ከላይ ባለው የአሥር ቦታ ቴብል ከ3 እስከ 7 ተይዟል። ቀጣዩ ቁልፍ 8 ላይ የሚያርፈው ቤቱ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 ወይም 8 ከሆነ ነው፤ ከአሥር ስድስት ዕድል። 1 ላይ የሚያርፈው ቤቱ 1 ከሆነ ብቻ ነው፤ ከአሥር አንድ። ረጅሙ ይበልጥ ይረዝማል፤ ሁለት ክላስተሮች ሲገናኙም ድንገት አንድ ይሆናሉ። ባንተ ቴብል የሆነው፣ ቁልፎቹ ሲሞቱ ክላስተሩ አብሮ አለመሞቱ ነው። ቱምስቶን ክላስተሩን እንደቆመ ያቆየዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሕያዋንና ቱምስቶንን ደምረህ ቁጠር። ድምሩ 70 በመቶ ሲያልፍ ሕያዋኑን ብቻ ወደ አዲስ አሬይ፣ በዚያው መጠን፣ መልሰህ አስገባ። ማሳደግ አያስፈልግህም።

---

ትግስት_ዳታ

ጋሽ መኮንን "ቁልፎቹ በደንብ ከተበተኑ" ያሉት ላይ እኔ በራሴ ተቃጥያለሁ፣ ልንገራችሁ። የቴብሌ መጠን 4,096 ነበር፤ ሐሽ ፈንክሽኔ ደግሞ `k & 4095` ብቻ። ቁልፎቹ የደንበኛ መለያ ቁጥር ናቸው፣ ከ1 እስከ 1,000። ሁሉም ቤቱ ላይ ተቀመጠ፣ አንድም ግጭት የለም። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ከሌላ ሲስተም ሁለተኛ ስብስብ መጣ፣ ከ8,193 እስከ 9,192።

8,193ን በ4,096 ስናካፍል የሚተርፈው 1 ነው። ቤቱ 1 ተይዟል፣ 2 ተይዟል... እስከ 1,000 ድረስ ተይዟል፤ 1,001 ላይ አረፈ። 8,194 ቤቱ 2 ነው፤ እስከ 1,001 ተይዞ አግኝቶ 1,002 ላይ አረፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለተኛው ስብስብ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁልፍ 1,001 ቦታ ማየት ነበረበት። ሺውን ለማስገባት ከአንድ ሚሊዮን በላይ። ቴብሉ ግን ግማሹ እንኳ አልሞላም፣ ቱምስቶንም አንድ የለበትም።

ያኔ ተናድጄ ወደ ቼይኒንግ ቀየርኩት፤ በዚያው መጥፎ ፈንክሽን እያንዳንዱ ሰንሰለት ሁለት ቁልፍ ብቻ ሆነ፣ ችግሩ ጠፋ። ስለዚህ ናሆም፣ ያንተም ሐሽ ፈንክሽን ይሆናል።

---

ጋሽ_መኮንን

ትግስት፣ ያንቺ ታሪክ የሁለቱን ልዩነት ከኔ ቀመር ይበልጥ ያሳያል። በቼይኒንግ አንድ ቁልፍ የሚጎዳው ቤቱን ከሚጋሩት ጋር ብቻ ነው። በሊኒየር ፕሮቢንግ ግን ቤታቸው ጎን ለጎን የሆኑ ሁሉ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። አንቺ ጋ ከሁለት የበለጠ ቁልፍ የሚጋራው ቤት አልነበረም፤ የገደለሽ ጉርብትናው ነው። ለዚህ ነው ቼይኒንግ መጥፎ ፈንክሽንን ይበልጥ የሚታገሠው።

የናሆም ግን እሱ አይመስለኝም። የፈንክሽን ችግር ሰርቨር ሲነሣ አይድንም፤ ያኔም ቁልፎቹ ያው ናቸው። ለማንኛውም በፕሮቢንግ መቆየት ብትፈልጊ ኖሮ አንድ ማባዛት ይበቃሽ ነበር፦

```c
i = (k * 0x9E3779B97F4A7C15ull) >> (64 - 12);
```

ተከታታይ ቁጥሮችን በአሬዩ ሁሉ ይበትናል። `k` 64 ቢት `unsigned` መሆን አለበት፤ 12 ደግሞ 4,096 የ2 ስንተኛ ኃይል እንደሆነ ነው።

ወደ ዳዊት ልመለስ። ወደ ኋላ መሳብ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ማቆሚያህ ግን ልክ አይደለም። የአሥሩን ቦታ ቴብል ተመልከት። 54ን አጠፋን፣ ጉድጓዱ 4 ላይ ነው። 33 ቤቱ 3 ስለሆነ ወደ 4 ይሳባል፤ ጉድጓዱ 5 ሆነ። ቀጥሎ 66 ቤቱ ላይ ነው። አንተ እዚህ ታቆማለህ። 44ን ፈልገው እንግዲህ፦ 4 ላይ 33፣ 5 ላይ ባዶ፣ "የለም"። 44 ግን 7 ላይ ቁጭ ብሏል።

66 ላይ ማቆም የለብህም፣ መዝለል ነው ያለብህ። እሱን ባለበት ትተህ ወደ 7 ስትሄድ 44 ቤቱ 4 ነው፤ ጉድጓዱ 5 ደግሞ በቤቱና በተቀመጠበት መካከል ነው። ስለዚህ ወደ 5 ይመጣል። ጉድጓዱ 7 ሆነ፣ 8 ባዶ ነው፣ አለቀ።

```
ቦታ    0  1  2  3  4  5  6  7  8  9
ቁልፍ   .  .  .  23 33 44 66 .  .  .
```

መመሪያው አንድ ነው፦ ቁልፉ ከቤቱ የራቀበት ርቀት ከጉድጓዱ ካለው ርቀት ካላነሰ ይሳባል፣ ካነሰ ይዘለላል። የምታቆመው እውነተኛ ባዶ ስታገኝ ብቻ።

```c
for (j = (i+1) & mask; t[j].used; j = (j+1) & mask) {
    size_t h = home(t[j].key);
    if (((j - h) & mask) >= ((j - i) & mask)) {
        t[i] = t[j];
        i = j;
    }
}
t[i].used = 0;
```

`i` እና `j` `size_t` ይሁኑ። `& mask` ያስፈለገው ክላስተሩ ከአሬዩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ሲዞርም ርቀቱ ልክ እንዲመጣ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ዙሪያው ላይ ነው፤ ከዳር ራቅ ባሉ ቁልፎች ብቻ ከሞከርከው ስህተቱ አይታይህም።

---

ዳዊት_ሮቢን

ጋሽ መኮንን፣ በወረቀት ላይ ሠራሁት፣ ልክ ነዎት። ግን የኔም ኮድ አልተሳሳተም፤ አሁን ነው ምክንያቱ የገባኝ። የኔ ቴብል ሮቢን ሁድ ነው። ሳስገባ ከቤቱ የራቀው ቁልፍ ቅርብ ያለውን አስነሥቶ ቦታውን ይወስዳል። ስለዚህ ክላስተሩ ውስጥ ቁልፎቹ በቤታቸው ቅደም ተከተል ነው የሚቀመጡት። 44 ሲገባ 66ን አስነሥቶ 6ን ይይዝ ነበር፣ 66 ወደ 7 ይሄድ ነበር። በዚያ ዓይነት ቴብል ቤቱ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ካገኘሁ፣ ከሱ በኋላ ያለ ማንም ከሱ በፊት ቤት ሊኖረው አይችልም። መመሪያዬ ለናሆም ቴብል እንደማይሠራ ሳላስብ ነው የጻፍኩት፤ ናሆም ይቅርታ።

---

አቤል_ሰንሰለት

እኔ ከቼይኒንግ ጎን ነኝ፣ ምክንያቴም የትግስት አይደለም። ይህን ሁሉ ያወራችሁት ስለ ማጥፋት ነው፤ በቼይኒንግ ማጥፋት አንድ ፖይንተር ማዞር ነው። ምልክት የለም፣ መሳብ የለም፣ የተረሳ ቁጥር የለም፣ ሌላ ቁልፍ ከቦታው አይነቃነቅም።

"ሜሞሪ ይጨርሳል" ለሚለው ለዳዊት ደግሞ እናስላው። የናሆም አሬይ፣ ቁልፍና ዋጋው 8 8 ባይት ከሆኑ፣ የሁኔታ ምልክቱን ሳንቆጥር 65,536 በ16፣ 1,048,576 ባይት ይሆናል። በቼይኒንግ አንድ ኖድ ቁልፍ፣ ዋጋና ፖይንተር ይዞ 24 ባይት ነው፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ የ`glibc` `malloc` ለሱ 32 ባይት ይወስዳል። 20,114 ኖድ 643,648 ባይት። የራስጌ አሬዩን 16,384 ብናደርገው 131,072 ባይት። ድምሩ 774,720 ነው፤ ከፕሮቢንጉ ያንሳል፣ ሰንሰለቱም በአማካይ አንድ ከሩብ ኖድ እንኳ አይሞላም።

---

ዳዊት_ሮቢን

ስሌቱን ተቀብያለሁ፣ ሲሶ በሞላ ቴብል ላይ። 80 በመቶ የሞላ ቢሆን ግን ፕሮቢንጉ ያሸንፍሃል፣ ባዶ ቦታው ስለሚቀንስ። ደግሞ ሜሞሪ ብዛቱ ብቻ አይደለም። 64 ባይት በሆነ አንድ የካሽ መስመር ውስጥ የናሆም አራት ቦታዎች ይገባሉ። ቀጣዩን ቦታ ማየት ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። ያንተ ቀጣይ ኖድ ግን ሜሞሪ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ካሽ ሊስት ይችላል።

---

አቤል_ሰንሰለት

እውነት ነው፣ ኖዶቹን ከአንድ ትልቅ አሬይ ብትቆርጣቸው ይሻላል፣ ግን አይጠፋም። በ80 በመቶ ላይ ደግሞ የሌለ ቁልፍ ፍለጋህ በክኑት ቀመር 13 ቦታ ያያል፤ ያም ከአንድ የካሽ መስመር ይወጣል። የማን ይበልጣል የሚለውን የሚወስነው የሌለ ቁልፍ ምን ያህል ይጠየቃል የሚለው ይመስለኛል፤ ናሆም ያንን አልነገረንም።

---

ናሆም_ሲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ መኮንን ባሉት መንገድ ሕያዋንና ቱምስቶንን ደምሬ መቁጠር ጀመርኩ፤ 45,875 ሲያልፍ በዚያው መጠን መልሼ እገነባለሁ። ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ፍለጋው አልከበደም። የሌለ ቁልፍ ስንት ቦታ እንደሚያይ ኮዱ ውስጥ ቆጣሪ አስገብቼ አየሁት፤ ከግንባታ በኋላ አንድ ተኩል ገደማ፣ ሊገነባ ሲል ስድስት ገደማ ነው። አቤል፣ የሌለ ቁልፍ ብዙ ይጠየቃል፤ ጊዜው ያለፈበት ሴሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ወደ ኋላ መሳቡን ሞክሬ ግን ሌላ ነገር ሰበርኩ። የጊዜ መቁጠሪያዬ ሊስት ሴሽኑን የሚይዘው በአሬዩ ኢንዴክስ ነው። 54 ጠፍቶ 33 ከ5 ወደ 4 ሲሳብ ሊስቱ አሁንም "5" ይላል፤ 5 ላይ አሁን 44 ነው። አንዱን ሴሽን ላጠፋ ብዬ የሌላውን ሰው አጠፋሁ። በሙከራ ላይ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ቱምስቶን ቢያንስ ማንንም አያነቃንቅም።

---

ጋሽ_መኮንን

መልሰህ ስትገነባስ? ያኔም ሁሉም ይነቃነቃል። ኢንዴክስ መያዝህ በቱምስቶንም አይበጅህም፣ የሚሰበረው በየ25,000 ማጥፋቱ አንዴ ስለሆነ ቶሎ አይታይህም እንጂ። ሊስቱ ቁልፉን ይያዝ፣ በፈለገው ጊዜ ይፈልገው። ኢንዴክስ ወይም ፖይንተር የግድ መያዝ ካለብህ ግን ያኔ የአቤልን ቼይኒንግ ምረጥ፤ እዚያ ኖድ እስኪሞት ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። እኔ ብሆን ለመቀየር በቂ ምክንያት የምለው ይህን ነው።

አሬዩን እየዞርክ ጊዜ ያለፈባቸውን የምታጠፋ ከሆነም በመሳብ ዘዴ ተጠንቀቅ። ቦታ 4ን አጥፍተህ ወደ 5 ብታልፍ፣ ወደ 4 የተሳበውን 33ን ሳታየው ቀረህ። ካጠፋህ በኋላ ያንኑ ቦታ ድገመው። ከአሬዩ መጀመሪያ ዞሮ ወደ መጨረሻው የተሳበ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሊታይህ ይችላል፤ ለማጥፋት አይጎዳም፣ እየቆጠርክ ከሆነ ግን ቁጥርህ ይሳሳታል።

---

ራሔል_ቲዎሪ

ቱምስቶንን ሁላችሁም እንደ ቆሻሻ ብቻ አያችሁት። እ.ኤ.አ. በ2021 ማይክል ቤንደር፣ ብራድሊ ኩዝማውልና ዊሊያም ኩዝማውል ያሳዩት ሌላ ነገር አለ፦ አዲስ ቁልፍ ቱምስቶን ላይ እንዲቀመጥ ከተፈቀደ፣ ቱምስቶኖች በክላስተሩ ውስጥ ክፍት ቦታ ሆነው ያገለግላሉ፤ አዲሱ ቁልፍ እስከ ጫፉ መሄድ አይኖርበትም። እንዲያውም መልሶ ሲገነባ ሆን ብሎ ቱምስቶኖችን በእኩል ርቀት መትከል ይቻላል። ናሆም ማስገባቱን ቢቀይር መልሶ የሚገነባበት ጊዜም ይራራቅለታል።

---

ጋሽ_መኮንን

ለማስገባት አዎ። ናሆም ጋ የከበደው ግን የሌለ ቁልፍ ፍለጋ ነበር፤ ፍለጋ ደግሞ ቱምስቶንን ማለፉ አይቀርም። መጠኑን ጠብቆ በየጊዜው ከተገነባ ሁለቱም እንደሚስማሙ ይገባኛል፤ እሱ ባለው 31 በመቶ ላይ ግን ትርፉ ለልፋቱ ይበቃል ወይ የሚለው ላይ እርግጠኛ አይደለሁም።

ናሆም፣ ከሞከርከው አንድ ነገር እንዳትረሳ። ቱምስቶን እንዳገኘህ ወዲያው እዚያ አታስቀምጥ። ቦታውን ያዝና እስከ ባዶው ድረስ ፈልግ፤ ቁልፉ ከቱምስቶኑ ወዲያ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አለዚያ ያ ሁለት ቦታ የተቀመጠው 33 ተመልሶ ይመጣብሃል።

---

ናሆም_ሲ

ሊስቱን ወደ ቁልፍ ቀየርኩት፣ ያ አለቀ። አሁን የቀረኝ አንድ ነው፦ መልሶ ሲገነባ 20,000 ቁልፍ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል፣ በዚያች ቅጽበት የመጣ ጥያቄ ይጠብቃል። በአማካይ ለእያንዳንዱ ማጥፋት ከአንድ ቁልፍ ያነሰ ማንቀሳቀስ መሆኑን አስልቻለሁ፣ ግን የሚጠብቀው ሰው አማካዩን አይደለም የሚያየው። የመሳቡን ዘዴ ልውሰድና ግንባታውን ልተወው፣ ወይስ ግንባታውን ቆራርጬ በየጥያቄው ጥቂት ጥቂት ላድርገው? በሁለተኛው መንገድ የሄደ ሰው ካለ፣ ሁለቱ አሬዮች ጎን ለጎን ባሉበት ሰዓት ፍለጋውን እንዴት እንደያዘው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

---

ትግስት_ዳታ

ይህን እኔም መከታተል እፈልጋለሁ። የማባዣዋን መስመር በነገራችን ላይ በአሮጌው የፕሮቢንግ ኮዴ ላይ ሞከርኳት፤ ሁለተኛው ስብስብ 1,001 ቦታ ማየቱ ቀርቶ ጥቂት ቦታ ብቻ ሆነ። ቼይኒንጉን ግን አልመለስኩትም፤ ነገ ምን ዓይነት ቁልፍ እንደሚመጣብኝ ስለማላውቅ።